የጥርስ ሕክምና ጥናትን ለሂሳዊ ግምገማ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

አብዛኛው ተማሪ የጥናት ጽሑፍን ከአጭር መግለጫው እስከ መደምደሚያው በቅደም ተከተል ያነብና የደራሲዎቹን ቃል ይዞ ይወጣል። የሚሻለው ከአጭር መግለጫው የጥናቱን ጥያቄ ብቻ ወስዶ ወደ ዘዴው ክፍል መሄድ፣ ቀጥሎ ሰንጠረዦቹን መመልከት፣ የውይይቱን ክፍል ግን የራስን ፍርድ ከጻፉ በኋላ ማንበብ ነው። አካሄዱን በአንድ ጥያቄ ላይ እንየው፤ የነፍሰ ጡር ሴት የድድ በሽታ ያለጊዜው ለመውለድ ምክንያት ይሆናል?

በመጀመሪያ የጥናቱን ዓይነት ይለዩ። ለዚህ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ተመራማሪዎቹ ለማን ምን ሕክምና እንደሚሰጥ ራሳቸው ወስነዋል ወይስ የሆነውን ብቻ ተመልክተዋል? ኦፈንባከርና ባልደረቦቹ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት ከሁለተኛው ወገን ነው። 124 ነፍሰ ጡሮችንና የወለዱ እናቶችን ይዘው፣ ያለጊዜው ዝቅተኛ ክብደት ያለው ልጅ የወለዱትን መደበኛ ክብደት ያለው ልጅ ካገኙት ጋር አነጻጸሩ። ይህ ኬዝ ኮንትሮል ጥናት ይባላል፤ ከውጤቱ ተነስቶ ወደ ምክንያቱ ይሄዳል። የተገኘው ኦድስ ሬሾ ከ7 በላይ ስለነበር ብዙ ሰው ደነገጠ። እዚህ ላይ ተማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት «የድድ በሽታ ያለባት ሴት ያለጊዜው የመውለድ ዕድሏ ሰባት እጥፍ ነው» ብለው መጻፋቸው ነው። ኦድስ ማለት ነገሩ የሆነባቸው ሰዎች ቁጥር ላልሆነባቸው ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ኦድስ ሬሾ የሁለት ኦድሶች ንጽጽር እንጂ በቀጥታ የአደጋው እጥፍ አይደለም፤ ውጤቱ ብርቅ ባልሆነበት ሁኔታ ደግሞ ልዩነቱን አጋንኖ ያሳያል።

ቀጥሎ አድሏዊነትን ይፈልጉ። «ጥናቱ አድሏዊነት አለበት» ብሎ ማለፍ ግምገማ አይባልም፤ ስህተቱ ከየት እንደሚገባና ውጤቱን ወደየት እንደሚገፋ መግለጽ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሲጋራ ማጨስ ድድንም ይጎዳል፣ ያለጊዜው ለመውለድም ያጋልጣል። ስለዚህ አጫሾች በአንዱ ወገን ከበዙ፣ በስሌት ካልተስተካከለ በቀር፣ የሲጋራው ጥፋት በድዱ ላይ ይላከካል። ድህነትም እንዲሁ ነው፤ እሱን ግን በአንድ መጠይቅ በትክክል መለካት ስለማይቻል ከማስተካከያው በኋላም የሚተርፍ ነገር አለ። ሌላው የመለኪያ ጉዳይ ነው። የድድ ኪስ ጥልቀት የሚለካው ሚሊሜትር በተሰመረበት ፕሮብ ነው፤ መርማሪው ትንሽ ጠንከር አድርጎ ከተጫነ ንባቡ በሚሊሜትር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ መርማሪው እናቲቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ያውቅ እንደነበርና ከምርመራው በፊት እጁን ለማስተካከል ሥልጠና ወስዶ እንደሆነ ከዘዴው ክፍል ፈልገው ያውጡ።

አሁን ወደ ሙከራው እንለፍ። ሚካሎዊችና ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ባወጡት ጥናት በአሜሪካ 823 ነፍሰ ጡሮች በዕጣ ተመድበዋል፤ ግማሽ ያህሉ ከ21ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት ከድድ በታች ጥልቅ የጥርስ እጥበት ሲደረግላቸው፣ ሌሎቹ የታከሙት ከወለዱ በኋላ ነው። ዕጣው አጫሾችንም ድሆችንም በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ አድርጎ ለማከፋፈል ያስችላል። ሴቶቹ መታከማቸውን ማወቃቸው አይቀርም፤ ሆኖም የመውለጃ ቀን እንደ ሕመም ስሜት በታካሚው ግምት የሚለካ ስላልሆነ ይህ ጉድለት እዚህ ላይ ብዙም አያሳስብም።

ከ37 ሳምንት በፊት የወለዱት በታከሙት ዘንድ ከ407 ውስጥ 49 (12.0 በመቶ)፣ ባልታከሙት ዘንድ ከ405 ውስጥ 52 (12.8 በመቶ) ነበሩ። የታከሙትን ያለጊዜው የመውለድ አደጋ ካልታከሙት ጋር የሚያነጻጽረው ሃዛርድ ሬሾ 0.93፣ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ደግሞ ከ0.63 እስከ 1.37 ነው። ቁጥር 1 ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው። ይህ ክልል 1ን ስለያዘ ብዙዎች «ሕክምናው ምንም ጥቅም እንደሌለው ተረጋግጧል» ብለው ይጽፋሉ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የክልሉን ሁለት ጫፎች ለየብቻ ማንበብ ይገባል። የታችኛው ጫፍ አደጋው በ37 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል፣ የላይኛው ደግሞ በ37 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል ይነግረናል፤ ሁለቱም ከመረጃው ጋር አይጋጩም። ክልሉ ራሱ ጥናቱ በተመሳሳይ መንገድ ብዙ ጊዜ ቢደገም ከሚወጡት ክልሎች 95 በመቶ ያህሉ እውነተኛውን ዋጋ የሚያቅፉበት ስሌት ነው፤ አድሏዊነትን ግን አይለካም።

የድዱ ጤና በታከሙት ላይ በግልጽ መሻሻሉን ሳያነሱ አይለፉ፤ «እጥበቱ በደንብ ስላልተሠራ ነው» የሚለውን ማምለጫ ያዳክመዋል። ስለዚህ ግምገማዎ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «በእርግዝና አጋማሽ የሚደረግ ጥልቅ እጥበት ድድን ያሻሽላል፤ ያለጊዜው መውለድን በእጅጉ እንደሚቀንስ ግን ይህ ሙከራ አላሳየም። መጠነኛ ጥቅምን ወይም ጉዳትን አያስወግድም፤ ከእርግዝና በፊት ስለሚደረግ ሕክምናም የሚናገረው ነገር የለም።»