የብራንድ ቀለም ሳይቀየር የሚነበብ ጽሑፍ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደማቅ ብርቱካናማ የሆነ የብራንድ ቀለም እንውሰድ፤ ኮዱ `#FF6600` ነው። ብዙ ሰው የድረ ገጹን ቁልፍ በዚህ ቀለም ይሞላና ላዩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ያስቀምጣል። ያምራል። ግን ዐይኑ የደከመ ሰው፣ ወይም ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያይ ሰው ጽሑፉን ለማንበብ ይቸገራል።

በዐይን መፍረድ። ዲዛይነሩ ጽሑፉን ራሱ ስለጻፈው ሳያነበውም ያውቀዋል። ስለዚህ መለካት ያስፈልጋል። WCAG የተባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ AA በሚባለው መካከለኛ ደረጃው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር፣ ማለትም በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለ የብርሃን ልዩነት፣ ይጠይቃል። ነጭ በዚህ ብርቱካናማ ላይ 2.94 ብቻ ነው።

ቁጥሩን ማጠጋጋት። ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ይበቃል። ትልቅ የሚባለው 24 ፒክስል፣ ደመቅ ተደርጎ ከተጻፈ ደግሞ ወደ 19 ፒክስል ገደማ የሆነው ነው። «2.94 ያው 3 ነው» ብሎ ማለፍ ግን አይሠራም። መመሪያው ማጠጋጋትን አይቀበልም፤ ስለዚህ ነጩ ለትልቅ ርዕስም አይሆንም።

የብራንዱን ቀለም ለመቀየር መቸኮል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መቀየር ያለበት ጽሑፉ ነው። በዚያው ብርቱካናማ ላይ ጥቁር ጽሑፍ አድርጉና ለኩት፤ 7.15 ይሰጣል። ቁልፉ እንዳለ ቀረ፣ ብራንዱም አልተነካም። ሎጎውንም ለማጥቆር አትድከሙ። ሎጎ ላይ ያለ ጽሑፍ ከዚህ መስፈርት ነፃ ነው።

አንድን ቀለም ለሁሉም ሥራ ማዋል። ነጭ ገጽ ላይ ሊንኮቹም ብርቱካናማ ይሁኑ ከተባለ ግን `#FF6600` አይሆንም። ቀለሙ ቢገለበጥም ንፅፅሩ ያው 2.94 ነው። እዚህ ጋ የዚያው ቀለም ጠቆር ያለ ወንድም ያስፈልጋል። የቀለሙን ዓይነት ሳትነኩ ብርሃኑን ብቻ ቀንሱ። ወደ ሌላ ቀለም ካላዘነበለ፣ ሰው ከቁልፉ ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን ወዲያው ያየዋል።

ነጭ ላይ ብቻ መለካት። መጀመሪያ `#C24E00` ብንመርጥ ነጭ ላይ 4.79 ይሆናል፤ አለፈ። ነገር ግን ገጹ ውስጥ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሳጥን አለ እንበል፣ `#F5F5F5`። እዚያ ላይ ያው ሊንክ ወደ 4.39 ይወርዳል። ወደቀ ማለት ነው! ሳጥኑ ለዐይን ነጭ ስለሚመስል ነው ብዙዎች እዚህ ጋ የሚሸወዱት። ትንሽ ወደ ታች ወርደን `#B84A00` ብናደርገው ነጭ ላይ 5.23፣ ግራጫው ላይ 4.79 እናገኛለን። ሁለቱንም ቀለሞች በየራሳቸው ስም ለያይታችሁ አስቀምጡ፦

```css
--brand: #FF6600;
--brand-text: #B84A00;
```

የመጀመሪያው ለቁልፍ መሙያና ለጌጥ ነው፤ ሁለተኛው በነጭና በዚያ ግራጫ ላይ ለሚጻፍ ብቻ። ሌላ የጀርባ ቀለም በተጨመረ ቁጥር `--brand-text` እንደገና ይለካ። ማውስ ሲያርፍበት ሊንኩ የሚይዘውም ቀለም አይረሳ፤ ብዙ ጊዜ ሳይለካ የሚያልፈው እሱ ነው።