«አብራራ» ብዬ መጻፍ የተውኩበት መንገድ

ደብረ ብርሃን አካባቢ የዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። አንድ የመንዝ ልጅ በድርሰቱ «ውርጭ ገብሱን ስለሚመታው ገበሬው ይቸገራል» ብሎ ጻፈ። ኅዳጉ ላይ «አብራራ» አልኩት። አርሞ ሲመልሰው «በጣም ይቸገራል» ሆኗል። ስቆጣ «ቲቸር፣ ምኑን ነው የማብራራው?» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ እኔም አላሰብኩበትም ነበር።

ወረቀቱን መልሼ ተቀበልኩና ሳነብ የጎደለኝን ፈለግኩ። ከዚያ «አብራራ»ን ሰርዤ ይህን ጻፍኩ፦ «‹ይቸገራል› ስትል ምን እንዳጣ አልታየኝም። ውርጩ የመታው ገብሱ ሲያብብ ነው ወይስ ከደረሰ በኋላ? ቤተሰቡስ ከዚያ ምን አደረገ? ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምር።»

በማግስቱ ያመጣው፦ «ገብሱ ሲያብብ ውርጭ መታው። ዛላው ነጥቶ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። አባቴ ዘር ለመግዛት ሁለት በግ ሸጠ።» በጉን እኔ አልነገርኩትም።

«ግልጽ አይደለም» የምለው ደግሞ፣ የድሮ እርማቶቼን ሳያቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ «እሱ» ማን እንደሆነ ሲጠፋኝ ነው። አሁን ቃሉን አከብበትና «አባትህ ነው ወይስ ጎረቤታችሁ? በስም ጥራው» እላለሁ። ይኼ ከድሮው ብዙም አይረዝምም።

አንድ ጊዜ ግን አበዛሁት፤ ለአንዷ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን ራሴ አስተካክዬ ጻፍኩላት። ቃል በቃል ገልብጣ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውንና ቦታውን ብቻ ነው የምሰጠው። ስልሳ ወረቀት ስለማርም በአንዱ ላይ ከሁለት አስተያየት አላልፍም፤ የፊደል ግድፈቱን እያየሁ አልፈዋለሁ።