ከሶሌታው ሥር ፌሮ ብቅ ሲል፦ ስፔሰሩ ስንት መሆን ነበረበት?

ፎርምወርኩ ተፈትቶ በሶሌታው ታችኛው ገጽ ላይ የፌሮ መስመር ከታየ፣ ወይም ቆይቶ በዚያው መስመር ዝገት ከወረደ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው አርማታው ነው። ከዚያ በፊት ግን ፌሮው የት ላይ እንደታየ ይመልከቱ።

በሁለት ስፔሰሮች፣ ማለትም ፌሮውን ከፎርምወርኩ ከፍ አድርገው በሚይዙ ቁርጥራጮች፣ መካከል ከሆነ የስፔሰሩ ቁጥር አንሷል። ፌሮው የሚጎብጠው ሠራተኛ ሲረግጠውና አርማታ ሲፈስበት ነው፤ ሲቀጥን ደግሞ ይብሳል። «በካሬ ሜትር አንድ ይበቃል» የሚለው ልማድ ለ20 ሚሊ ሜትር ፌሮ ያስኬድ ይሆናል፤ ለ10 ግን አይሆንም። ቢኤስ 7973 የተባለው የብሪታንያ ደረጃ በስፔሰሮች መካከል ያለው ርቀት ከፌሮው ውፍረት 50 እጥፍ እንዳይበልጥ፣ ከ1 ሜትርም እንዳያልፍ ይላል። ለ10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይህ 50 ሳንቲ ሜትር ነው።

4 በ5 ሜትር የሆነ ሶሌታ እንውሰድ። ከሥር የሚያርፈው ባለ 10 ፌሮ በ4 ሜትሩ አቅጣጫ፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ተዘርግቷል፤ 34 ዘንግ ይሆናል። ስፔሰር የሚገባው በዚህ በታችኛው ረድፍ ሥር እንጂ በላዩ በሚሻገረው ሥር አይደለም። በየሦስተኛው ዘንግ ብናስገባ ርቀቱ 45 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 12 ዘንጎች ይደርሳቸዋል። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ከጫፍ 25 ሳንቲ ሜትር ገብተን በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ስናስቀምጥ 8 ይሆናል። 12 በ8 ሲባዛ 96 ነው፤ ለሚሰበረው ጥቂት ይጨመርበት። በልማዱ ቢሆን 20 ብቻ ይገባ ነበር።

መረቡ ከታሰረ በኋላ ጉድለቱ ቢታወቅም መፍታት አያስፈልግም። ጫፉ በታጠፈ የፌሮ ቁራጭ ቀና አድርጎ ስፔሰሩን ማስገባት፣ ከዚያም በሽቦ ማሰር ይበቃል። ከፌሮው ሥር ያለው የአርማታ ሽፋን 20 ሚሊ ሜትር ከተባለ፣ የዚያኑ ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ በመረቡ ሥር ያሳልፉ፤ አንድ ሰው በሁለት ስፔሰሮች መካከል ቆሞ ሳለ ጣውላው ከተያዘ እዚያ አንድ ይጨመር።

ፌሮው የታየው ስፔሰሩ ባለበት ቦታ ከሆነ ቁጥር መጨመር ብቻውን አይፈታውም። ስፔሰሩ ደቅቋል ወይም ተገልብጧል። በቦታው በችኮላ ተሠርቶ ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ የሞርታር ስፔሰር በእጅ ሲፈረፈር ይታወቃል፤ ጥንካሬው ከሶሌታው አርማታ ማነስ የለበትም። የጠጠርና የእንጨት ቁራጭ ምትክ አይሆኑም፤ የፌሮ ቁራጭማ ዝገቱን ራሱ ወደ ላይኛው ፌሮ ይመራል።

ስንጥቁ የስፔሰሮቹን ረድፍ ተከትሎ ከሄደ ሁሉም በአንድ መስመር ተደርድረዋል ማለት ነው። ቁጥሩን ሳይቀንሱ ጎን ለጎን ባሉ ዘንጎች ሥር የሚገቡትን ስፔሰሮች በ25 ሳንቲ ሜትር ማዛነፍ ይሻላል።

የታየውን ፌሮ በልስን መሸፈን ግን ችግሩን መደበቅ ነው። ዙሪያውን ፈልፍሎ፣ ዝገቱን አጽድቶ፣ ለአርማታ ጥገና በተዘጋጀ ሞርታር መሙላት ያስፈልጋል። ፌሮው ሰፊ ቦታ ላይ ከታየ ከመጠገኑ በፊት መሐንዲስ ይየው።