ሙሉ ቤት ወይስ ግማሽ ቤት? ለግጥምዎ ስሜት የሚስማማውን እንዴት እንደሚመርጡ

በአማርኛ ግጥም ቤት መታ የምንለው የሁለት ስንኞች መጨረሻ ፊደል በተነባቢውም በአናባቢውም ሲገጥም ነው፤ «ረ» ከ«ረ»፣ «ሳ» ከ«ሳ»። ይህን ሙሉ ቤት እንበለው። ተነባቢው አንድ ሆኖ አናባቢው ሲለያይ («ረ» ከ«ሩ»)፣ ወይም ተቀራራቢ ድምፆች ሲጣመሩ («ተ» ከ«ደ») ግማሽ ቤት ነው።

1. መጀመሪያ በሙሉ ቤት ይጻፉ። ልኩ የወል ቤት ይሁን፤ ስንኙ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፣ በእያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም፣ ማለትም ስድስት ክፍለ ቃል ይኖራል።

ጀበናው ቀዝቅዞ ረከቦት ላይ ቀረ፤
እናቴ ከሄደች ቤታችን ጠቆረ።

«ረ» በሁለቱም ግሶች ውስጥ የግሱ የራሱ ፊደል ስለሆነ ቤቱ ጠንካራ ነው። «ሄደች» እና «ቆመች» ግን የሚገጥሙት በ«ች» ብቻ ነው። አማርኛ ዐረፍተ ነገሩን በግስ ስለሚዘጋ እንዲህ ያለው ቤት ያለ ድካም ይገኛል፤ ሲደጋገምም ያሰለቻል። «መጣች» እና «ወጣች» ይሻላሉ፤ ከ«ች» በፊት ያለው «ጣ»ም ይገጥማልና።

2. ድምፁን ከስሜቱ ጋር ያስተያዩ። ከላይ ያለው ስንኝ ሐዘኑን ተናግሮ ይዘጋዋል። አድማጭ «ቀረ»ን እንደሰማ «ረ»ን ይጠብቃል፣ ያገኘዋልም። ለፉከራ፣ ለሙገሳ፣ ለሰርግ ግጥም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ሕዝቡ መድፊያውን አብሮ ይላል። ገና ላልወጣለት ሐዘን ግን መዝጊያው ይፈጥንበታል።

3. የሁለተኛውን ስንኝ ሁለተኛ ሐረግ ብቻ ይለውጡ።

ጀበናው ቀዝቅዞ ረከቦት ላይ ቀረ፤
እናቴ ከሄደች አልተንኳኳም በሩ።

ልኩ ያው ነው። ጆሮ «ረ»ን ሲጠብቅ «ሩ» ይመጣበታል፤ ነገሩ አላለቀም። «ጠቆረ» ስሜቱን ራሱ ይነግረናል፣ በሩ ግን አለመንኳኳቱን ብቻ ያሳያል። ግማሽ ቤት ለጥርጣሬ፣ ለናፍቆትና መልስ ላጣ ጥያቄ የሚመቸው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ርቀቱን ይፈትሹ። «ቀረ» እና «ሄደ» የሚጋሩት አናባቢውን ብቻ ነው። ብዙ የኃላፊ ጊዜ ግስ በዚሁ አናባቢ ስለሚያልቅ ጆሮ እንደ ቤት አይቆጥረውም። ተነባቢው አንድ ወይም ተቀራራቢ ይሁን።

5. ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ከተቻለ ወረቀቱን ላላየ ሰው። አሥር ስንኝ በሙሉ ቤት ሄዶ አንዱ ብቻ ግማሽ ከሆነ አድማጭ ገጣሚው ቃል ያጠረው ይመስለዋል፤ በእኛ ልማድ ቤት አለመምታት ጉድለት ነውና። ስለዚህ ግማሹን ቤት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ጀምረው ያስለምዱ። ሙሉውን ቤት ደግሞ ነገሩ በእርግጥ በሚቆረጥበት ቦታ፣ ለምሳሌ መርዶው በሚነገርበት ስንኝ ላይ ያውሉት። በግማሽ ቤት የቆየ ጆሮ ያን ጊዜ መዝጊያውን አጥርቶ ይሰማዋል።