ለቀጣሪ ስትጽፉ 🙏ን ለመጨረሻ አቆዩት

ኮምቦልቻ የሒሳብ ሥራ የምትፈልግ የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ለአንድ ቀጣሪ ልትልከው የነበረውን መልእክት ደሴ ቤታችን ተቀምጠን አሳየችኝ፦ «ሰላም 🙏🙏🙏 እባክዎ ሥራ ካለ 😢🙏»። ልቤን ነካኝ። ግን ቀጣሪው ስልኩ ላይ መጀመሪያ የሚያየው የመልእክቱን መነሻ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ልመና እንጂ ሙያዋ የለም። «አብሽሪ» ብያት እንዲህ አስተካከልነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ አመልክቻለሁ። የ3 ዓመት ልምድ አለኝ፤ ሲቪዬን አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።»

ኢሞጂ አላስገባንም። እሱ በ🙂 ከመለሰላት፣ ያኔ አንድ 🙏 ለምስጋና አይከፋም።

ሊንክድኢን ላይ ደግሞ ስሟ አጠገብ ⭐ ነበር፤ አጠፋነው። የስም ቦታ ላይ ልዩ ምልክት ማስገባት በድርጅቱ ደንብ አይፈቀድም። ከስሙ ሥር ባለው መግለጫ «📊 | 💼 | 📍ኮምቦልቻ» ብላ ነበር። ቀጣሪ የሚፈልገው «Accountant» ብሎ ጽፎ ነው፤ 📊 ቃሉን አይተካም። ዓይነ ስውር ቀጣሪ ከሆነም ስልኩ እያንዳንዱን ምልክት በስሙ እየጠራ ያነብለታል፤ ሦስት አራት ሲደረደር ጆሮ ያሰለቻል። ስለዚህ «Accountant | 📍Kombolcha» አልነው። 📍ን የተውነው ከቦታው ስም ጋር ስለሚሄድ ነው።