አንደኛው ሀርሞኒክ የት ገባ? የክር ሙከራ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር በየዓመቱ የማይቀርልኝ አንድ ቅሬታ አለ። «ቲቸር፣ ቀመሩ አይሠራም!» ተማሪዎቹ ዝም ብለው አይደለም የሚሉት። የለኩት ቁጥር በእርግጥ ከቀመሩ ጋር አልተስማማም።

ዕቃችን ቀላል ነው። የክሩ አንድ ጫፍ ከአሮጌ ቴፕ በተነቀለ ስፒከር ላይ ታስሯል። ሌላው ጫፍ ጠረጴዛው ዳር ባለች ፑሊ ላይ አልፎ ክብደት ተንጠልጥሎበታል። በመካከላቸው 1.20 ሜትር አለ። ስፒከሩን የሚያንቀጠቅጠው ከአምፕሊፋየር ጋር የተያያዘ የስልክ አፕ ነው። ቀመሮቹም እነዚህ ናቸው፦

```
v = √(T/μ)
f = n·v/(2L)
```

v ሞገዱ በክሩ ላይ የሚሄድበት ፍጥነት ነው፤ f ፍሪኩዌንሲው፤ L በስፒከሩና በፑሊዋ መካከል ያለው የክሩ ርዝመት፤ T የክሩ ውጥረት፤ μ የአንድ ሜትር ክር ክብደት በኪሎግራም፤ n ደግሞ የሀርሞኒኩ ቁጥር።

ምልክት፦ ሁለተኛው የአንደኛው እጥፍ አልሆነም

አንድ ቡድን ክሩ ደህና አድርጎ የተወዛወዘባቸውን ቁጥሮች መዘገበ፦ 41፣ 62፣ 82 እና 103 ሄርዝ። አንደኛው 41 ከሆነ ሁለተኛው 82 መሆን ነበረበት። 62 ከየት መጣ?

ቁጥሮቹን ተዋቸውና ልዩነታቸውን እዩ። 21፣ 20፣ 21። በአማካይ 20.7 ገደማ። ሁለት ጫፉ በታሰረ ክር ላይ ሀርሞኒኮቹ እኩል ይራራቃሉ፤ ርቀታቸውም ራሱ አንደኛው ሀርሞኒክ ነው። 41ን ለ20.7 ብናካፍል 2 ይወጣል። ልጆቹ አንደኛ ያሉት ሁለተኛው ነበር ማለት ነው።

ስህተቱ ከሁለት ቦታ ነው የመጣው። ትንሽ ስፒከር 20 ሄርዝ አካባቢ አቅም የለውም፤ ክሩ እምብዛም ስላልተነቃነቀ አለፉት። ከዚያ ደግሞ 41 ላይ መሀል ላይ ጸጥ ያለች አንድ ነጥብ አዩና «አንድ ኖድ፣ ስለዚህ አንደኛ» አሉ። የሚቆጠረው ግን ኖድ ሳይሆን በኖዶች መካከል ያለው እብጠት ነው። 41 ላይ ሁለት እብጠት ነበር።

እብጠቱ አነስ ብሎ ለዓይን ካስቸገረ የክራር ተጫዋች ዘዴ አለ። የክሩን ትክክለኛ መሀል በጣት ጫፍ ነካ አድርጉት። n ተጋማሽ ቁጥር፣ ማለትም 2 ወይም 4 ከሆነ፣ መሀሉ ኖድ ስለሆነ ክሩ ግድ ሳይሰጠው ይቀጥላል። 3 ወይም 5 ከሆነ ወዲያው ይሞታል።

አንደኛውን በዓይናችን ካላየን ካላችሁ ክብደቱን አራት እጥፍ አድርጉት። ፍሪኩዌንሲው የሚያድገው በውጥረቱ ስኩዌር ሩት ስለሆነ አንደኛው ወደ 41 ይወጣል። ስፒከሩ እዚያ አያፍርም።

ምልክት፦ ሁሉም በአንድ ልክ ከስሌቱ በልጠዋል

ይኸው ቡድን በስሌት ያገኘው አንደኛ ሀርሞኒክ 17.9 ነበር። ክሩ ግን 20.7 ይላል። እንዲህ ሁሉንም ቁጥር እኩል የሚያዛባ ስህተት ከቆጠራ አይመጣም። ጥፋቱ T፣ μ ወይም L ውስጥ ነው።

20.7ን ለ17.9 አካፍሉ፤ 1.16 ገደማ ነው። ስኩዌር ሲደረግ ወደ 1.34 ይጠጋል። ይሄኔ ጠረጴዛው ላይ 1.34 ጊዜ የተሳሳተ ነገር ፈልጉ። እነሱ 150 ግራም ብለው ጽፈዋል። ክብደቱ የተደረደረበትን 50 ግራም መስቀያ ረስተውታል። 200 ለ150 ሲካፈል 1.33። ተያዘ!

በ200 ግራም እንደገና እናስላ። ውጥረቱ 1.96 ኒውተን ነው። 20 ሜትር ክር 16 ግራም ስለመዘነ μ 0.0008 ይሆናል። ፍጥነቱ 49.5 ሜትር በሰከንድ፣ አንደኛው ሀርሞኒክ 20.6 ሄርዝ። ከተለካው ጋር ገጠመ።

20 ሜትር የመዘንነው በከንቱ አይደለም። የወጥ ቤት ሚዛን ግማሽ ግራም ቢሳሳት 16 ግራም ላይ ብዙ አይጎዳም። 1 ሜትር ክር ብቻ ብትመዝኑበት ግን ውጤቱ ግምት ነው።

ምልክት፦ ስፒከሩ አጠገብ ኖዱ ቦታውን ስቷል

ያ ጫፍ በትንሹ ስለሚንቀሳቀስ በደንብ የታሰረ አይደለም። ትክክለኛው ኖድ ከስፒከሩ ትንሽ ይርቃል። መፍትሄው ሦስት ወይም አራት እብጠት ሲኖር መሀል ላይ ያሉ ሁለት ጎረቤት ኖዶችን ርቀት መለካት ነው። ያ ርቀት የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ነው፤ ጫፎቹ ምንም ቢሆኑ አያገባውም።

አንድ ጎበዝ ልጅ «ደሴ ለምድር ወገብ ቅርብና ከፍታ ላይ ስለሆነች ስበቱ 9.8 ሳይሆን 9.78 ነው» ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ነው። አሰላነው፤ 20.62 የነበረው 20.60 ሆነ። የስልኩ አፕ ደግሞ የሚዘለው በ1 ሄርዝ ነው።