ከትኩሳት ወደ በሽታው ስም፦ የኬስ ካርድ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ውስጥ አንድ የሲ ዋን የሕክምና ተማሪ ከኬስ ሌክቸር ያወጣቸውን ካርዶች አሳየኝ። ኬሱ በክረምት ትኩሳት ይዞት ስለመጣ የ22 ዓመት የቀን ሠራተኛ ነው። መጨረሻው ሪላፕሲንግ ፊቨር ነው፤ በቅማል የሚተላለፈው፣ ለቅቆ የሚያገረሸው ትኩሳት። ካርዶቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩት፤ ሁሉንም መለሰ። ከዚያ "ትኩሳትና ራስ ምታት ያለው ሰው ፊትህ ተቀምጧል፤ ምን ትጠይቀዋለህ?" ስለው ዝም አለ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ካርዶቹ ናቸው ያላሠለጠኑት።

ከበሽታው ስም መጀመር። የመጀመሪያው ካርድ "የሪላፕሲንግ ፊቨር ምልክቶች ምንድን ናቸው?" ይላል። በሽተኛ ግን የበሽታውን ስም ይዞ አይመጣም። "ያንቀጠቅጠኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል" ብሎ ነው የሚመጣው። ካርዱም ከዚያው ይጀምር።

ኬሱን በሙሉ አንድ ካርድ ላይ መጫን። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ታሪኩ፣ ምርመራው፣ የላብ ውጤቱ አንድ ላይ ይጻፍና "ዲያግኖሲሱ ምንድን ነው?" ይባላል። ሦስተኛ ጊዜ ስታዩት "የቀን ሠራተኛ" የሚለውን ቃል ብቻ አይታችሁ ትመልሳላችሁ። ታሪኩን ሸምድዳችኋል እንጂ አላሰባችሁም።

እኔ ያንኑ ኬስ እንዲህ እከፍለዋለሁ። አንደኛው ካርድ፦ "22 ዓመት፣ ወንድ፣ 4 ቀን የቆየ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት። የምታስባቸውን ሦስት በሽታዎችና የሚቀጥለውን ጥያቄህን ተናገር።" ከጀርባው ወባ፣ ታይፈስ፣ ሪላፕሲንግ ፊቨር ይጻፋል። የሚቀጥለው ጥያቄ ደግሞ የት እንደሰነበተ፣ ከማን ጋር እንደሚያድር ነው።

ሁለተኛው ካርድ አንድ መረጃ ብቻ ይጨምራል፦ ከስምንት ሰው ጋር አንድ ክፍል ያድራል፣ ልብሱን ከቀየረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። "ማን ከፍ አለ? ለምን?" በቅማል የሚመጡት ሁለቱ፣ ታይፈስና ሪላፕሲንግ ፊቨር፣ ከፍ ይላሉ፤ ወባ ግን አልወረደም። ሦስተኛው፦ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ስፕሊኑ በእጅ ይዳሰሳል፣ ነስሮታል። ይሄ ለሪላፕሲንግ ፊቨር ይመቻል፤ ግን የከፋ ወባም ዓይን ቢጫ ያደርጋል። ስለዚህ ጥያቄው "ሁለቱን የሚለይልህ ምርመራ የቱ ነው?" ይሆናል፤ መልሱ ብለድ ፊልም። አራተኛው ካርድ ላይ ፊልሙ ይመጣል፦ ፕላዝሞዲየም የለም፤ በቀይ የደም ሴሎቹ መካከል የተጠማዘዙ ቀጫጭን ስፓይሮኬቶች ይታያሉ። አሁን ስሙን ጥሩት።

ከጀርባው ሁልጊዜ "ለምን" የሚለውን ጻፉ። የበሽታ ስም ብቻ ከተጻፈ ግምትም ትክክል ሆኖ ይቆጠራል።

ደጋፊ መረጃ ብቻ መምረጥ። ሌክቸረሩ ኬሱን የመረጠው ግልጽ ስለሆነ ነው። ዋርድ ውስጥ ግን እንደዚያ ጥርት ብሎ አይገኝም። ስለዚህ ለአራተኛው ካርድ መንታ ሥሩለት፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፦ "ፊልሙ ንጹህ ነው። ደሙ የተወሰደው ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ነው።" ሪላፕሲንግ ፊቨር ወደቀ? አልወደቀም። ትኩሳቱ ሲበርድ ስፓይሮኬቶቹ ከደም ውስጥ ይመናመናሉ፤ ስለዚህ ትኩሳቱ ሲነሳ ፊልሙ ይደገማል። ታይፈስም ገና በዝርዝሩ ላይ ነው።

አንድ የሚያዘናጋ ካርድም ጨምሩ፦ "ዊዳል ፖዘቲቭ ነው። ቅደም ተከተልህን ትቀይራለህ?" እኛ አገር ታይፎይድ በብዛት ስላለ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ብዙ አያስረዳም። ይሄን ካርድ በጣም እወደዋለሁ፤ በአንድ ወረቀት ውጤት ሐሳባቸውን የሚቀይሩ ብዙዎችን አይቻለሁና።

አንዱ ካርድ የሌላውን መልስ እንዲናገር ማድረግ። አንኪ በሚባለው የካርድ መተግበሪያ ላይ ከሆናችሁ ካርዶቹ በተራቸው ላይመጡ ይችላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርድ እስከዚያ ድረስ የተገኘውን መረጃ ይድገም፤ ትርጓሜውን ግን አይድገም። "ዓይኑ ቢጫ ነው" ይባል፤ "ሪላፕሲንግ ፊቨር ስለጠረጠርን ፊልም አዘዝን" ከተባለ ግን የሦስተኛው መልስ አፈትልኮ ወጣ።

ስሙ ላይ ማቆም። አምስተኛ ካርድ ያስፈልጋል፦ "ፔኒሲሊን ከተሰጠው ሁለት ሰዓት በኋላ ክፉኛ ተንቀጠቀጠ፣ ትኩሳቱ አሻቀበ፣ ከዚያ ፕሬዠሩ ወረደ። ምን ሆነ?" ልጁ እዚህ ጋ "አለርጂ ነው" አለኝ። አለርጂንም ማየት ይገባል፤ ሽፍታ አለ ወይ፣ ደረቱ ያፏጫል ወይ ብሎ። እነዚህ ከሌሉ ግን መጀመሪያ የሚታሰበው የጃሪሽ ሄርክስሃይመር ሪአክሽን ነው። ስፓይሮኬቶቹ ባንዴ ሲሞቱ የሚመጣ ነው፤ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ፈሳሽ ይሰጠዋል፣ ፕሬዠሩ በየደቂቃዎቹ ይለካል፣ በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት ከአልጋው አጠገብ ሰው አይጠፋም።